«ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው» የሚል ስልክ፦ እንዴት እንደሚለይ፣ መልስ ከሰጡ በኋላስ ስልኩ እንዴት እንደሚጠበቅ

ደዋዩ ስምዎን ከነአባትዎ ይጠራል። የትኛው ባንክ እንደሚጠቀሙ ያውቃል፤ አንዳንዴም የሂሳብ ቁጥርዎን የመጨረሻ አሃዞች ራሱ ይነግርዎታል። «ሂሳብዎ ከፋይዳ ጋር ስላልተያያዘ ዛሬ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል» ይላል። ድምፁ የተረጋጋ፣ አማርኛው የቢሮ ነው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህች ላይ ነው፤ «ስሜን ካወቀማ ከባንክ ነው» ብሎ።

ስም ማወቅ ግን ምንም አያረጋግጥም። ቴሌብር ላይ ብር ለመላክ የሰው ስልክ ቁጥር ሲያስገቡ፣ ብሩ ከመሄዱ በፊት የባለቤቱ ስም ስክሪኑ ላይ ይወጣል። በ1000 የሚጀምረው ባለ 13 አሃዙ የንግድ ባንክ ሂሳብ ቁጥርም ሲገባ እንዲሁ ስም ያሳያል። ይህ የተሠራው ብር በስህተት ወደ ሌላ ሰው እንዳይሄድ ነው፣ ጥሩም ነገር ነው። ለአጭበርባሪው ግን ነፃ የስም ማውጫ ሆኖለታል። የሂሳብ ቁጥርን ለማግኘትም መድከም አይኖርበትም፤ ሱቅ መስኮት ላይ ተለጥፏል፣ ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ቴሌግራም ላይ ወጥቷል፣ ለደንበኛ ተልኳል።

ስለዚህ «ማን ነው?» ብሎ መመርመር አያዋጣም። የሚያዋጣው «ምን ጎድሎት ነው የደወለው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ስምና ስልክ ቁጥር አለው። የጎደለው ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው፦ ስልክዎ ላይ በመልዕክት የሚገባው ኮድ፣ የሚስጥር ቁጥርዎ (ፒን)፣ ወይም ስልክዎ ውስጥ መግቢያ በር፣ ማለትም አንድ አፕ እንዲጭኑለት ወይም በ* የሚጀምር ቁጥር እንዲደውሉለት። ጨዋታው የቱንም ያህል ቢረዝም መድረሻው ከእነዚህ አንዱ ነው። ኋላ ላይ የሚወሰደው እርምጃም የሚወሰነው ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን እንደሰጡት ነው።

አንድ ጥሪ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

እንበል ጥሪው የበዓል ዋዜማ ከሰዓት በኋላ መጣ፣ የተደወለላት የሱቅ ባለቤት ናት። ሰዓቱ የተመረጠው ሆን ተብሎ ነው። ሱቁ በገዢ ተጨናንቋል፤ ቅርንጫፉ ሊዘጋ ነው፣ ሄዶ መጠየቅ አይቻልም።

ደዋዩ ስሟን ጠርቶ የፋይዳውን ነገር ያነሳል። ባንኮች ደንበኞቻቸውን ሂሳባቸውን ከፋይዳ ጋር እንዲያያይዙ በእውነት ስለሚጠይቁ ወሬው እንግዳ አይሆንባትም። ቀጥሎ እንዲህ ይላታል፦ «እመቤት፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም እንዳይነግሩ፤ ለእኔም ቢሆን።» በጥሪው ሁሉ ውስጥ በጣም የሚያሞኘው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው። ሌባ እንዲህ ብሎ ያስጠነቅቃል ብላ ስለማታስብ ልቧን ትሰጠዋለች።

ከዚያ «አሁን የማያያዣ ቁጥር ይገባልዎታል» ይላል። እውነትም መልዕክት ይገባል፤ ላኪውም 127፣ የቴሌብር ትክክለኛ ቁጥር ነው። መልዕክቱ ሐሰት አይደለም። የሆነው ይህ ነው፦ ደዋዩ በሌላ እጁ በያዘው ስልክ ላይ የቴሌብር አፕ ከፍቶ የእሷን ቁጥር አስገብቷል፤ ሥርዓቱም «ባለቤቷ ነሽ ወይ?» ሲል ኮዱን ወደ እሷ ልኳል። እሷ ደግሞ አነበበችለት። የማረጋገጫ ኮድ በራሱ ጊዜ አይመጣም። እርስዎ ካልጠየቁት፣ የሆነ ቦታ የሆነ ሰው ቁጥርዎን አስገብቶ በሩ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

አሁን የቀረው ፒኑ ነው። «አይንገሩኝ» ብሏልና እንዲህ ያዞረዋል፦ «ለማረጋገጫ ስድስቱን አሃዝ ስልክዎ ላይ ይጫኑት፤ እኔ አላየውም።» አያየውም፣ ይሰማዋል። በጥሪ መካከል የስልክ ቁልፍ ሲጫን እያንዳንዱ ቁጥር የየራሱ ድምፅ አለው፤ ጥሪውን የቀዳ ሰው ድምፁን ወደ ቁጥር በሚመልስ ቀላል አፕ ስድስቱንም ያገኛቸዋል። መጫንና በአፍ መናገር ልዩነት የላቸውም።

በመጨረሻ «መስመሩን እንዳይዘጉ፤ ከተዘጋ ከመጀመሪያው እንጀምራለን» ይላታል። የሚፈልገው ስልኩ ጆሮዋ ላይ እንዲቆይ ነው። ስልኩ ጆሮ ላይ ሳለ ብር መውጣቱን የሚናገሩት መልዕክቶች አይታዩም።

በሁለት ደቂቃ ማጣራት

1. ጥሪውን ይዝጉ። ማብራሪያ መስጠት፣ መሟገት ወይም «እስቲ ላጣራ» ብሎ ማስፈቀድ አያስፈልግም። እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ ቢሆን መልሰው በመደወልዎ አይከፋም።

2. ከጥሪ ዝርዝር ላይ መልሰው አይደውሉ፤ መልዕክቱ ውስጥ በተጻፈው ቁጥርም አይደውሉ። በራስዎ ጣት የድርጅቱን ቁጥር ይጻፉ፦ ለንግድ ባንክ 951፣ ለቴሌብር 127፣ ለሲም ካርድና ለመስመር ጉዳይ 994። የሌላ ባንክ ደንበኛ ከሆኑ ቁጥሩ የኤቲኤም ካርዱ ጀርባ ላይ ወይም የባንኩ ድረ ገጽ ላይ አለ። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች በእነዚህ አጫጭር ቁጥሮች ላይ መተማመን የለባቸውም፤ ሙሉውን የባንኩን ቁጥር ከወዲሁ መዝግቦ መያዝ ይሻላል።

3. ስክሪኑ ላይ የወጣውን ስም እንደ ማስረጃ አይውሰዱ። ትሩኮለር ላይ «የባንክ ደንበኞች አገልግሎት» የሚል ስም ማንም ሰው በግል ቁጥሩ ላይ ማስመዝገብ ይችላል። የባንክ ዓርማ ያለበት የቴሌግራም አካውንትም ለመክፈት የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ነው።

የጽሑፍ መልዕክት ሲሆን መጀመሪያ የሚታየው ላኪው ነው። የቴሌብር መልዕክት ከ127፣ የንግድ ባንክ መልዕክት «CBE» ከሚል ስም ይመጣል። ይዘቱ ቃል በቃል ከባንኩ የተቀዳ ሆኖ ላኪው በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ተራ ቁጥር ከሆነ ሐሰት ነው። «5,000 ብር ገብቶልዎታል» የሚል መልዕክት ደርሶ ወዲያው አንድ ሰው «በስህተት ነው የላክሁት፣ ልጄ ሆስፒታል ናት፣ መልሱልኝ» ብሎ ሲደውል መጀመሪያ ላኪውን ይመልከቱ። ከዚያም መልዕክቱን ትተው ሂሳቡን ይዩ፤ በአፑ ወይም በ*889# (ንግድ ባንክ) ወይም በ*127# (ቴሌብር)። ቀሪ ሂሳቡ ካልጨመረ ብር አልገባም። በእርግጥ ገብቶ ከሆነም ራስዎ አይመልሱ፤ የባንኩ ሠራተኛ በሥርዓቱ ይመልሰው።

ሊንክን በተመለከተ «ባንክ ሊንክ አይልክም» የሚል ምክር ሲዞር ይሰማል። ንግድ ባንክ ግን ይልካል፤ የክፍያ ደረሰኝ የሚከፍት ሊንክ ከመልዕክቶቹ መጨረሻ ላይ አለ። ስለዚህ ምክሩ ለብዙ ሰው ከንቱ ነው፣ ንባቡን ማወቅ ይበልጣል። ከ`https://` በኋላ እስከ መጀመሪያው / ወይም : ድረስ ያለውን ብቻ ይውሰዱና ከመጨረሻው ወደ ኋላ ያንብቡ፦

```
apps.cbe.com.et:100/...
cbe.com.et.example.com/...
```

የመጀመሪያው የሚያልቀው በ`cbe.com.et` ስለሆነ የባንኩ ነው። ሁለተኛው የባንኩን ስም ፊቱ ላይ ለጥፎ የሚያልቀው በሌላ ስም ነው፤ የቤቱ ባለቤት ያ መጨረሻ ላይ ያለው ነው። የደረሰኝ ገጽ ፒን አይጠይቅም። የሚጠይቅ ገጽ ከተከፈተ አድራሻውን ሳይመረምሩም መውጣት ይበቃል።

ስለ ደረሰኙ አንድ ነገር ልጨምር። የንግድ ባንክ ደረሰኝ ሊንክ በFT የሚጀምረውን የክፍያ ቁጥርና የሂሳብ ቁጥርዎን የመጨረሻ ስምንት አሃዞች ይዟል። «ከፍያለሁ» ለማለት ሙሉ መልዕክቱን ቡድን ውስጥ የሚለጥፍ ሰው ሂሳብ ቁጥሩንም አብሮ እየለጠፈ ነው።

መልስ ከሰጡ በኋላ፦ መጀመሪያ ምን እንደሰጡ ይለዩ

ስልኩን አንስተው «ሃሎ» ብቻ ካሉ፣ ወይም ለመልዕክቱ «እሺ» ብለው ከመለሱ፣ ከሂሳብዎ የሚወጣ ብር የለም። «ስልክ በማንሳት ብቻ ብር ይወሰዳል» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። ቁጥርዎ የሚሠራና የሚመልስ ሰው ያለው መሆኑን ግን አውቀዋልና በሌላ ታሪክ ተመልሰው ይመጣሉ። ቁጥሩን ያግዱ፣ ይበቃል። ከማያውቁት የውጭ አገር ቁጥር አንዴ ጠርቶ የሚዘጋ ጥሪ ሲመጣ መልሶ መደወል ነው የሚያስከፍለው።

ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የፋይዳ ቁጥር ከሰጡ ዛሬ ብር አይወጣም፤ ነገ የሚደውለው ሰው ግን ይበልጥ አሳማኝ ይሆናል። ባንክዎን በተለመደው ቁጥር ደውለው ያሳውቁ።

ኮድ ወይም ፒን ከሰጡ፣ አፕ ከጫኑ፣ ወይም ያዘዝዎትን ቁጥር ከደወሉ ከታች ያለው የእርስዎ ነው። በአንድ ጥሪ ኮድም ሰጥተው አፕም የጫኑ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ከአፑ ይጀምሩ። ምክንያቱ እዚያው ሲደርሱ ግልጽ ይሆናል።

ኮድ ወይም ፒን ከሰጡ

ስልክዎን አያጥፉ። ብዙ ሰው ደንግጦ ስልኩን ያጠፋል ወይም ሲሙን ያወጣል፤ ይህ ሌባውን አያቆመውም። አካውንቱ አሁን በእሱ ስልክ ላይ ተከፍቷል። የሚጠፋብዎ መልዕክቶቹን ማየትና ደውሎ ማስዘጋት ነው።

1. መጀመሪያ ፒኑን ይቀይሩ፤ በአፑ ወይም በ*127# ምናሌ። ከመደወሉ ይህ ይቀድማል፣ ምክንያቱም በጥሪ ማዕከሉ ወረፋ ሊኖር ይችላል፣ ፒን መቀየር ግን አንድ ደቂቃ ነው። አዲሱ ፒን የትውልድ ቀን ወይም 123456 አይሁን፤ የትውልድ ቀንዎን ነግረውት ሊሆን ይችላልና።

2. የቀድሞው ፒን «ትክክል አይደለም» ካለዎት ሌባው ቀድሞ ቀይሮታል። ደጋግመው አይሞክሩ፤ ወዲያው 127 ወይም ባንክዎ ጋ ይደውሉ። የሚሉት አጭር ይሁን፦ «ኮዴን ለአጭበርባሪ ሰጥቻለሁ፤ አካውንቱን አሁኑኑ አግዱልኝ። ቁጥሬ ይህ ነው።» ዝርዝሩን በኋላ ያስረዳሉ። የተቀባይዎን ስምና የአቤቱታ ቁጥር ካለ ይጻፉት።

3. ስልኩን ሌላ ሰው እየደወለበት ሳለ በሌላ ስልክ ሁለተኛውን ባንክ ይደውሉ። ቴሌብርና የባንክ ሂሳብ ከተያያዙ ከአንዱ ወደ ሌላው ብር መሳብ ይቻላል፤ አንዱን ዘግቶ ሌላውን መተው ሥራው ግማሽ ነው።

4. የብድር ገጹን ይዩ። ቴሌብር ላይ «መላ» እና «እንደኪሴ» የሚባሉ የብድር አገልግሎቶች አሉ። አካውንቱ ባዶ ቢሆንም በስምዎ ተበድሮ ሊወስድ ይችላል። «ብር የለኝም፣ ምን ይወስዳል» ያለ ሰው ከወር በኋላ የብድር ማስታወሻ ሲደርሰው የሚገርመው ለዚህ ነው።

ብር ወጥቶ ከሆነ ጊዜው ደቂቃ ነው። የተላከው ብር ተቀባዩ ሂሳብ ውስጥ እስካለ ድረስ ባንኩ የሚያግደው ነገር አለ፤ በወኪል በኩል በጥሬው ከወጣ ግን የሚታገድ የለም። ስለዚህ ስልክ ደውለው ካሳገዱ በኋላ ያንኑ ቀን ቅርንጫፍ ሄደው በጽሑፍ ያመልክቱ። የክፍያ ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ መጠኑን፣ የተቀባዩን ስምና የደዋዩን ቁጥር ይዘው ይሂዱ። መልዕክቶቹንና የጥሪ ዝርዝሩን በንዴት እንዳያጠፉ፤ ለፖሊስ የሚቀርበው እሱ ነው። አቤቱታውን ለአቅራቢያ ፖሊስ ጣቢያ ሲያቀርቡ ጉዳዩ በ2008 ዓ.ም. በወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 የሚታይ መሆኑን መጥቀስ ይቻላል። ባንኩ ደግሞ ገንዘቡ የተላከለትን ሰው ማንነት ለእርስዎ አይሰጥም፤ በፖሊስ ጥያቄ ነው የሚሰጠው። ለዚህ ነው ፖሊስ ጣቢያውን መዝለል የማያዋጣው።

የሰጡት የቴሌግራም ወይም የዋትስአፕ ኮድ ከሆነ

ብዙ ጊዜ የሚሰረቀው ባንኩ ሳይሆን ቴሌግራሙ ነው። ከዚያ በእርስዎ ስም «ሆስፒታል ነኝ፣ 20,000 ብር ላኩልኝ» የሚል መልዕክት ዱባይና ዋሽንግተን ላሉ ዘመዶች ይሄዳል።

ቴሌግራም ውስጥ `Settings`፣ ከዚያ `Devices` ይክፈቱ። የማያውቁት ስልክ ወይም ከተማ ካለ `Terminate All Other Sessions` ይጫኑ። ቴሌግራም አዲስ ለገባ ስልክ የቀድሞዎቹን የማስወጣት ፈቃድ ለ24 ሰዓት አይሰጥም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን እርስዎ ሊያስወጡት ይችላሉ፣ እሱ እርስዎን አይችልም። ቀኑ ካለፈ ይህ ብልጫ ያበቃል። እንዲያውም ብዙ ሰው ይህን ዕድል በገዛ እጁ ያጠፋዋል፤ ደንግጦ አፑን ይሰርዛል ወይም ራሱ ዘግቶ ይወጣል። መልሶ ሲገባ እሱም አዲስ ገቢ ነው። አፑን አይንኩት፣ ሌባውን ያስወጡ።

ካስወጡት በኋላ `Privacy and Security` ውስጥ `Two-Step Verification` ገብተው የራስዎን የይለፍ ቃል ይፍጠሩ፤ የማስታወሻ ኢሜይልም ያስገቡ። ከዚህ በኋላ ኮዱን ብቻ ያገኘ ሰው አይገባም።

ዋትስአፕ ከሆነ መንገዱ ይለያል። ከስልክዎ ከወጣብዎ ቁጥርዎን እንደ አዲስ ያስመዝግቡ፤ በኤስኤምኤስ የሚመጣውን ባለ 6 አሃዝ ኮድ ሲያስገቡ ሌባው በዚያው ቅጽበት ይወጣል። ሌባው የራሱን ተጨማሪ ፒን አስቀምጦ ከሆነ ዋትስአፕ 7 ቀን እንዲጠብቁ ያደርጋል። ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ በእነዚህ ቀናት እሱም ውጭ ነው። ካልወጣብዎ ደግሞ `Linked devices` ውስጥ የማያውቁት ኮምፒውተር ካለ ያስወጡ።

ለዘመዶች የሚነግሩት በቴሌግራም ሳይሆን በድምፅ ጥሪ ይሁን። «አካውንቴ ተሰርቋል» የሚለውን ጽሑፍ ሌባው ራሱ ሊጽፈው ወይም ሊሰርዘው ይችላል።

በ* የሚጀምር ቁጥር እንዲደውሉ ከተደረገ

«መስመርዎን ለማደስ *21* ብለው ይህን ቁጥር አስገብተው # ይጫኑ» ብሎ ካስደወለዎት፣ ያደረጉት ጥሪዎን ወደ እሱ ስልክ ማዞር ነው። ከዚያ ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ «ኮዱን በድምፅ ልንገርዎ?» ሲል ጥሪው ለእሱ ይደርሳል። እርስዎ ጋ ስልኩ ስለማይጠራ ምንም አይሰሙም። ባንኩ ለማጣራት ቢደውልም የሚያነሳው እሱ ነው።

ለማየትና ለማጥፋት እነዚህን እንደ ተራ ጥሪ ይደውሉ፦

```
*#21#
##002#
```

የመጀመሪያው ጥሪዎ ሁሉ ወዴት እንደዞረ ያሳያል፤ የማያውቁት ቁጥር ከወጣ ፎቶ ያንሡት። ሁለተኛው ማንኛውንም የጥሪ ማዞሪያ ይሰርዛል። ሁለት ሲም ያለው ስልክ ከሆነ በየሲሙ ለየብቻ ይደውሉ፤ አንዱን አጽድቶ ሌላውን መርሳት የተለመደ ስህተት ነው። ኢንተርኔት ላይ «*#62# ደውላችሁ ቁጥር ካያችሁ ተጠልፋችኋል» የሚል ሲዞር ያዩ ይሆናል። ያ ኮድ ስልክዎ ጠፍቶ ሳለ የሚመጣ ጥሪ ወዴት እንደሚሄድ ነው የሚያሳየው፤ እዚያ ላይ የኦፕሬተሩ የራሱ አገልግሎት ቁጥር ሊኖር ስለሚችል ቁጥር መታየቱ ብቻ መጠለፍ አይደለም።

ሌላው ምልክት ኔትወርክ ነው። አጠገብዎ ያለው ሰው ኔትወርክ እያለው የእርስዎ ሲም በድንገት አገልግሎት ካጣና ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ካልመለሰው፣ አንድ ሰው በስምዎ ምትክ ሲም አውጥቶ ሊሆን ይችላል። በሌላ ሰው ስልክ 994 ደውለው መስመሩን ያሳግዱ፤ መታወቂያ ይዘው አገልግሎት ማዕከል ይሂዱ። ሲሙ እስኪመለስ ባንኩም መታገድ አለበት፤ ኮዶቹ ሁሉ የሚገቡት እዚያ ሲም ላይ ነውና።

አፕ ከጫኑ

ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፣ ቅደም ተከተሉም ይገለበጣል። ደዋዩ በቴሌግራም ስሙ በ`.apk` የሚያልቅ ፋይል ልኮ «አዲሱ የባንኩ አፕ ነው» ብሎዎት፣ ወይም `AnyDesk` እና `TeamViewer QuickSupport` የመሰለ አፕ አስጭኖ አፑ ላይ የሚወጣውን ቁጥር ጠይቆዎት ይሆናል። ሁለተኞቹ በራሳቸው ክፉ አይደሉም፤ የኮምፒውተር ባለሙያ ከሩቅ ሆኖ ስክሪን የሚያይባቸው ናቸው። አሁን ግን የሚያየው ሌባ ነው።

እዚህ ላይ መጀመሪያ ፒን የሚቀይር ሰው አዲሱን ፒን ለሌባው እያሳየው ነው የሚቀይረው። ስለዚህ፦

1. ኤርፕሌን ሞድ ያብሩ። በአንዳንድ ስልኮች ዋይፋይ ሳይጠፋ ስለሚቀር እሱንም ለይተው ያጥፉ።

2. በሌላ ሰው ስልክ ባንኩንና 127 ደውለው ያሳግዱ። የእርስዎ ስልክ እስኪጸዳ ለባንክ አይሆንም።

3. አንድሮይድ ላይ `Settings` ውስጥ `Accessibility` ይግቡና ያልታወቀ አፕ ፈቃድ ካለው ያጥፉበት። አጥፊ አፕ ስክሪን የሚያነበውና በራሱ የሚጫነው በዚህ ፈቃድ ነው። «ካልፈቀዱ አይሠራም» ብሎ ያስፈቀደዎት እሱን ነበር።

4. ከዚያ `Device admin apps` የሚለውን ፈልገው እዚያም ያጥፉት። `Uninstall` የሚለው ቁልፍ ደብዝዞ አልጫን የሚለው አብዛኛውን ጊዜ አፑ እዚህ ስለተመዘገበ ነው።

5. አሁን ከ`Apps` ዝርዝር ያጥፉት። ስክሪኑ ላይ ምልክት ስለሌለው ብቻ የለም አይበሉ፤ ብዙዎቹ ምልክታቸውን ይደብቃሉ። በተጫነበት ቀን ይፈልጉት።

የቅንብር ገጹ በከፈቱት ቁጥር ራሱ የሚዘጋ ከሆነ አፑ እየተከላከለ ነው። የማጥፊያ ቁልፉን ተጭነው `Power off` የሚለው ሲመጣ እሱን ረዘም አድርገው ይያዙ፤ በአብዛኛው ስልክ `Safe mode` ይመጣል። በዚህ ሁኔታ የተጫኑ አፖች ስለማይነሱ ከ3 እስከ 5 ያለውን መድገም ይቻላል። ያም ካልሠራ ፎቶዎችን አስቀምጦ ስልኩን ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መመለስ ነው። ከዚያ በኋላ የቀድሞውን `.apk` ከቴሌግራም መልሶ መክፈት ሥራውን ሁሉ ያፈርሳል፤ ፋይሉን ከነቻቱ ይሰርዙ።

ፒኖችን፣ የቴሌግራምና የጎግል የይለፍ ቃልን የሚቀይሩት አሁን ነው። ጎግልን መርሳት የለብዎትም፤ የስልክዎ መጠባበቂያና የብዙ አካውንት መክፈቻ እዚያ ነው። `Your devices` ውስጥ የማያውቁት ስልክ ካለ ያስወጡ።

በቀጣዮቹ ቀናት

መቆለፊያ ስክሪን ላይ የመልዕክት ይዘት እንዳይታይ ያድርጉ፤ ኮድ ለማንበብ ስልኩን መክፈት እንኳ የማያስፈልግበት ሁኔታ እንዳይኖር። በባንክ አፑ ላይ የቀን ዝውውር ጣሪያ ማውረድ ከተቻለ ለቤት ወጪ በሚበቃ መጠን ላይ ያኑሩት። በማግስቱ *#21# እንደገና ይደውሉ፣ የቴሌግራምን `Devices` እንደገና ይዩ፤ በሳምንቱም ይድገሙት።

ሁለተኛው ጥሪ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። «የጠፋብዎን ብር አግኝተነዋል፤ ለማስመለሻ 2,000 ብር ያስገቡ» ይላል፣ ከፖሊስ ነኝ ወይም የባንኩ መርማሪ ነኝ ይላል። የጠፋውን መጠን እስከ ሳንቲሙ ያውቃል፣ ምክንያቱም የወሰደው እሱ ወይም ባልንጀራው ነው። የአቤቱታ ቁጥርዎን ይጠይቁት፤ ከዚያ ዘግተው አቤቱታውን ወዳስመዘገቡበት ጣቢያና ቅርንጫፍ ራስዎ ይደውሉ።